ስሪዲ ለሚሠራልን ወንድማችን፦ ከጅዳ የላክነው ደብዳቤ

ከታች ያለው ኮምቦልቻ ልንሠራ ያሰብነውን ቤት በስሪዲ ለሚያሳየን ወንድም የላክነው ደብዳቤ ነው። ስምና ቦታ የሚጠቁም ነገር አውጥተንለታል። እዚህ የምንለጥፈው ከስደት ሆነው ቤት የሚያሠሩ ወንድምና እህቶች ደጋግመው ስለጠየቁን ነው፤ ስሪዲ የምትሠሩ ወጣቶችም የደንበኛችሁን ሐሳብ ከእሱ ወገን ሆናችሁ ብታዩት ብለን ነው።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ ወንድማችን፣

ፕላኑን የሠራው መሐንዲስ ፋይሉን በቴሌግራም ልኮልሃል። የካርታውን ቅጂና ወንድማችን ከአራቱም ማዕዘን ያነሣቸውን ፎቶዎች እኛ ልከናል። ስልክ ላይ ስናወራ «ሐሳባችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ቆንጆ አድርጌ እሠራዋለሁ» ብለኸን ነበር። ሐሳባችን እነሆ፤ ረዘም ይላልና ሻይ ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ ቦታው። 250 ካሬ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 12 ሜትር ተኩል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 20 ሜትር። መንገዱ በደቡብ ነው። ቤቱ 8 ሜትር በ10 ሜትር ሆኖ ከምዕራቡ አጥር ጋር ይያያዛል፤ በዚያ በኩል መስኮት የለውም። ከፊት 5 ሜትር፣ ከኋላ 5 ሜትር፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ 4 ሜትር ተኩል ግቢ ይቀራል። በስተኋላ አባታችን አላህ ይዘንላቸውና የሠሯት የጭቃ ቤት አለች። እናታችን አሁንም የሚኖሩት እሷ ውስጥ ነው፤ አዲሱ እስኪያልቅ አትነካም። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የዘይቱና ዛፍም ተዋት፤ እሳቸው የተከሏት ናት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የምናውቀው አንድ ቤተሰብ አለ፣ እሱም እንደኛ እዚህ ሀገር የሚሠራ። ስሪዲ አሠሩ፤ ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ደረጃው ግራናይት፣ ግቢው በሣር የተሸፈነ፣ በር ላይ አዲስ መኪና የቆመበት። አባትየው ሥዕሉን አሳትመው ለመጣ ለሄደው አሳዩ። ገንዘቡ ግን ሶሌታው ላይ አለቀ። ዛሬ አባትየው ያልተለሰነ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሥዕሉም ከራሳቸው በላይ ብሎኬቱ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በገባ ቁጥር ዐይኑን ከሥዕሉ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሥዕሉ ያመላልሳል። ሥዕሉን የሠራው ልጅ ያጠፋው ነገር የለም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። እኛ ግን እናታችንን እዚያ ቦታ ላይ ማስቀመጥ አንፈልግም።

ስለዚህ የምንለምንህ ያለቀውን ቤት ብቻ ሳይሆን በእጃችን ባለው ገንዘብ የሚቆመውን ቤት እንድትሥልልን ነው። ከወለድ ጋር መነካካት ስለማንፈልግ የምንሠራው ባጠራቀምነው ብቻ ነው። እዚህ ደግሞ ኢቃማችን ከሥራችን ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ከቆመ ልጆቻችንን ይዘን የምንገባው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤቱ ለብቻው የሚኖርበት መሆን አለበት። ፎቁ አላህ ካለ ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሥዕል ከመንገድ የሚታየው ምድር ቤት ብቻ ይሁን። ሶሌታው ተሞልቷል፤ ለወደፊቱ ፎቅ የተተዉት የኮለን ብረቶች ወደ ላይ ወጥተዋል። አትደብቃቸው። ብረት በዝናብ ለዓመታት ከተተወ ይዝጋል፤ ዝገቱም እየላጠ ብረቱን ያቀጥነዋል፤ ፎቁ የሚቀጠለው ደግሞ በዚያ ብረት ላይ ነው። መሐንዲሳችን እያንዳንዱን በኋላ በቀላሉ በሚሰበር ደካማ ኮንክሪት እንዲሸፈን አዟል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ላይ የሚታዩት አጫጭር ግራጫ ምሰሶዎች ናቸው። ሶሌታው ላይ ውሃ እንዳይተኛና ወደ ቤት እንዳይሰርግ ለጊዜው ቆርቆሮ እናለብሰዋለን። እሱንም ሣለው። ውጭው ልስን ብቻ ነው፤ ቀለም ገና ነው። ቆንጆ ላይሆን ይችላል። እናታችን ግን ሲያዩት «ይኼ ነው የሚሠራው» ይበሉ። ሁለተኛው ሥዕል ከዚያው ነጥብ፣ በዚያው ሌንስ፣ ፎቁ ሲጨመር ይሁን። በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ በአማርኛ ጻፍበት፦ በአንደኛው «ገንዘቡ በእጅ ያለ»፣ በሁለተኛው «ወደፊት፣ አላህ ካለ»።

በፎቶዎቹ ላይ እንዳየኸው ከቤታችን ፊት የመብራት ምሰሶ አለ፤ መንገዱም ገና ኮብል ስቶን አልተነጠፈም። የጎረቤት ጣሪያ የዛገ ቆርቆሮ ነው። እነዚህን አታጥፋቸው። ከምሥራቁ ግቢ ጥግ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በብረት ማማ ላይ ይቆማል። ባየናቸው ስሪዲዎች ሁሉ ሮቶ የለም፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ሮቶ የሌለው ቤት ውሃ በጠፋ ቀን ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል፤ ማማው ቀጭን ሆኖ እንዳይሣል። ወንድማችን ሥዕሉን ለበያጁ ሲያሳየው እንደሱ ቀጭን አድርጎ እንዳይበይደው ብለን ነው።

ይህን ካነሣን አይቀር፣ ሥዕሎቹ ላይ ሌላም ነገር ይጻፍልን፦ «ልክ ከዚህ አይወሰድም፣ ከፕላኑ ይወሰድ»። ሳይት ላይ ፎርማኑ የወረቀት ፕላን ከመግለጥ ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል ማየት ይቀለዋል። መስኮቱ በሥዕሉ ሰፋ ብሎ ከታየው ሰፋ አድርጎ ይተዋል፤ አልሙኒየሙ ሲመጣ አይገጥምም።

አሁን ወደ ፀሐይ እንምጣ። ስኬችአፕ ላይ እንደምትሠራ ነግረኸናል። የኛ ልጅም ትምህርት ቤት እሱን እየተማረ ስለሆነ አንድ ነገር አሳየን፤ ፕሮግራሙ ቦታው ካልተነገረው ከራሱ የሚወስደው በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለችውን የቦልደር ከተማን ነው። ቦልደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 40 ዲግሪ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 11 ዲግሪ ላይ። ልዩነቱ በኛ በረንዳ ላይ ሲሰላ እንዲህ ነው።

በረንዳው በደቡብ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ የጣሪያው ከፍታ ከወለሉ 2 ሜትር ከ80። ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ወቅት፣ ዙህር ሊገባ ሲል ኮምቦልቻ ላይ የፀሐይ ከፍታ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። የበረንዳው ጣሪያ ጥላ ግድግዳው ላይ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ይወርዳል። ፀሐይ የሚነካው ከወለሉ እስከ 62 ሳንቲ ያለውን ብቻ ነው ማለት ነው። እናታችን ፍራሻቸው ላይ ሆነው ግድግዳውን ተደግፈው ሲቀመጡ ጉልበታቸውን ይሞቃሉ፣ ራሳቸው ጥላ ውስጥ ይሆናል። መሐንዲሱ 1 ሜትር ተኩል ያደረገው ለዚህ ነው። በቦልደር ፀሐይ ግን በዚያው ቀን ብርሃኑ ግድግዳውን እስከ 2 ሜትር ከፍታ ይመታዋል። ሥዕሉን ያየ ሰው «ይኼ በረንዳ አይበቃም፣ ሰፋ ይበል» ይላል፤ ለማያስፈልግ ኮንክሪትም ገንዘብ ይወጣል።

ሌላም አለ። ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 17 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በኛ ሀገር ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ቦልደር ላይ ቀትር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ ቦታውን ኮምቦልቻ፣ ሰዓቱን የኢትዮጵያ አድርግልንና የበረንዳውን ሥዕል በታኅሣሥ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ሥራልን። ሰሜኑን ከስልክ ኮምፓስ ብቻ አንወስደውም፤ የግቢው አጥር ቆርቆሮ ስለሆነ መርፌውን ያሳስተዋል። ወንድማችን ቀጥ ያለ እንጨት ተክሎ በቀትር የወደቀበትን ጥላ ፎቶ አንሥቶታል። በዚህ ወቅት የቀትር ጥላ ትክክለኛውን ሰሜን ያሳያል። ፎቶው ከላክንልህ ውስጥ ሰባተኛው ነው።

ሰሜኑን እንዲህ የምናጠብቀው ለፀሐይ ብቻ አይደለም። እኛ ጅዳ ሆነን የምንሰግደው ወደ ምሥራቅ ነው፤ መካ በዚያ በኩል ናት። ኮምቦልቻ ግን ከመካ ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ልትባል ምንም አይቀራት፤ ቂብላዋ ከትክክለኛው ሰሜን የሚርቀው አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ይህ ለቤት ሠሪ ትልቅ ኒዕማ ነው። ቦታችን ቀጥ ብሎ ሰሜንና ደቡብ የያዘ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ቂብላን ያሳያል፤ ምንጣፍ ማጣመም የለም።

ሳሎኑ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ 5ቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን። ፍራሽ በሦስት ጎን ይነጠፋል፣ ስፋቱ 70 ሳንቲ። የሰሜኑ ግድግዳ ባዶ ይተው። ከፍራሹ የሚተርፈው 2 ሜትር ከ60 በ4 ሜትር ከ30 ነው። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ፣ ለአንድ ሰፍ 1 ሜትር ከ20 ብንይዝ በአንድ ሰፍ አራት ሰው ይቆማል፤ ከኢማሙ ኋላ ሁለት ሰፍ ይገባል። ረመዷን ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ ለተራዊሕ ስምንት ሰው ከኢማሙ ጋር ይበቃናል። አንተ ግን እንደተለመደው ትልቅ የኤል ቅርጽ ሶፋና ሰፊ ቴሌቪዥን ብታስገባ፣ ቴሌቪዥኑ ሁልጊዜ የሚሰቀለው ባዶው ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱም ቂብላችን ነው። ሶፋ አታስገባ። ፍራሹን በልኩ ሥራልን፤ መሬቱ ላይም ሰጋጃዎቹን ዘርጋቸው፤ መግባታቸውን በዐይናችን እንይ። ሌንሱን ከ28 ሚሊ ሜትር አታሳንሰው። ሰፊ ሌንስ 4 ሜትሩን 7 ሜትር አስመስሎ ያሳያል፤ ሰው ደግሞ ዕቃ የሚገዛው ባየው ልክ ነው።

የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ፕላኑ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። ግንብ ውስጥ ሲሆን ወደ ቂብላ መዞር ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው እናውቃለን፤ ነገር ግን ቧንቧው ሳይቀበር ማስተካከል ወጪ የለውም፣ ከተቀበረ በኋላ ሴራሚክ ማስፈንቀል ነው። የስሪዲ ልጆች ውስጡን ሲያሳምሩ መቀመጫውን አዙረው ለካሜራ እንዲመች እንደሚያደርጉት አይተናል፣ ቧንቧ ሠሪውም ያየውን ይከተላል።

ለእናታችን ሁለት ነገር። ቤቱ ከግቢው 45 ሳንቲ ከፍ ይላል። በተለመደው ሦስት ደረጃ ይሆን ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ደረጃ አይችልም። ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት እንስጥ ሲባል መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ በምሥራቁ ጎን ተዘርግቶ በረንዳው ላይ ይደርሳል። ረዥም ነውና ሥዕሉን እንዳያበላሸው ብለህ አታሳጥረው። ባጠረ ቁጥር ቀጥ ይላል፤ የተወለወለ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ በክረምት ያንሸራትታል። ሸካራ ሲሚንቶ ይሁን፣ ከጎኑ መደገፊያ ብረት ይኑረው። ሁለተኛው፣ ከሥዕሎቹ አንዱ ካሜራው ከሳሎኑ ወለል 80 ሳንቲ ከፍታ ላይ ሆኖ ይነሣ። እናታችን ፍራሽ ላይ ሲቀመጡ ዐይናቸው እዚያ ነው። የመስኮቱ ደፍ ከፍ ብሎ ሰማይ ብቻ የሚያዩ ከሆነ ገና ሳይሠራ እናውቀዋለን። የዘይቱና ዛፏንና ወደ በሩ የሚመጣውን ሰው ማየት ይፈልጋሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ማንም ስሪዲ ውስጥ ያላየነውን እንጠይቅሃለን። በምሥራቅ ያለው ጎረቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ከአጥራችን 2 ሜትር ይርቃል። አንድ ሰው እዚያ ቢቆም ዐይኑ ከመሬት 4 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነው። ካሜራውን እዚያ አስቀምጠህ ወደ ግቢያችን አሳየን። እኛ በወረቀት ስናሰላው 2 ሜትር የሆነው አጥራችን የሚከልለው መሬት ላይ ያለውን ከአጥሩ ሥር 1 ሜትር ከ60 ያህል ብቻ ነው። የቆመች ሴት ከራሷ እስከ እግሯ እንዳትታይ ከፈለገች አጥሩን ልትለጠፍ ምንም አይቀራት። ሴቶቻችን ውዱእ የሚያደርጉት፣ ልብስ የሚያሰጡት በዚያ በኩል ነው። ግማሹን አጥር ከፍ እናድርገው፣ ወይስ ከውዱኡ ቦታ በላይ 2 ሜትር ቆርቆሮ እናውጣ? ከሥዕልህ እናያለን። ቆርቆሮው ርካሽ ነው፤ ጎረቤትንም አያስቀይምም።

ይህንኑ ለነሱም አድርግላቸው። ፎቃችን ሲወጣ የሰሜኑ መኝታ ቤት መስኮት ከኋላችን ባለው ቤት ጓሮ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያ ያሉት እናት ከኛ እናት ጋር ቡና የሚጠጡ ናቸው። ካሜራውን በክፍሉ ውስጥ በቆመ ሰው ዐይን አድርገህ ወደ ውጭ አሳየን። መሐንዲሱ የመስኮቱን ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ላይ አድርጎታል፤ ብርሃንና አየር ይገባል፣ የጎረቤት ጓሮ ግን አይታይም። ልጆቻችን «እንደ እስር ቤት ነው» ብለዋል። ሥዕሉን አይተው ቢፈርዱ ይሻላል።

ሦስተኛው የዚህ ዓይነት ሥዕል ከመንገድ ይሁን፤ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ። የሚያልፍ ሰው በረንዳውንና የሳሎኑን በር ቢያይ ግድ የለም፤ እንግዳ መግቢያው እሱ ነው። በምሥራቁ ጎን ወደ ማድ ቤት የሚወስደው መተላለፊያ ግን ከታየ፣ አንድ ግድግዳ የት እንደሚጨመር ለመሐንዲሱ እንነግረዋለን።

ሰውና እንስሳ አታስገባብን። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡትን ፈረንጆች ግቢያችን ውስጥ ማየት አንፈልግም፤ ይህ የኛ ቤተሰብ ምርጫ ነው። ልክ ለማሳየት በረንዳው ላይ ረከቦትና ጀበና፣ በር አጠገብ ጫማ አስቀምጥ፤ ይበቃል።

የሥራህን ናሙና ገጽህ ላይ እንደምታወጣ እናውቃለን፤ እንጀራህ ነውና ከውጭ የሚታየውን አውጣው። የከተማውን ስም፣ ከውጭ የምንኖር መሆናችንን አትጥቀስ። የውስጡን፣ በተለይ የመኝታ ክፍሎቹንና የበሮቹን አቀማመጥ ለማንም አታሳይ። ባለቤቶቹ ሩቅ ሀገር ያሉ ቤት፣ በሩ የት እንደሆነ በቲክቶክ መታወቅ የለበትም። ይህ በአንተ ላይ አማና ነው።

ሒሳቡን እንዳይደበዝዝ በጽሑፍ እናድርገው። ሥዕሎቹ ስምንት ናቸው፦ ከመንገድ ሁለት፣ በረንዳው፣ ሳሎኑ ከሰጋጃው ጋር፣ የእናታችን ዕይታ፣ ከጎረቤት ወደኛ፣ ከኛ ወደ ጎረቤት፣ የተከፈተው በር። ሁለት ጊዜ ማረሚያ በዋጋው ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ካስቸገርንህ ተጨማሪ እንከፍላለን። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስትጨርስ። ፕላኑ ራሱ ከተለወጠ ግን ማረሚያ ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው፤ ዋጋውን አንተ ትነግረናለህ።

መጀመሪያ የበረንዳውን ላክልን፣ ሌሎቹን ሳትጀምር። ለእኛ ስትልክ ለወንድማችንም ላክለት፤ እሱ ለእናታችን ያሳያቸዋል። የእሱ ስልክ አሮጌ ስለሆነ ፋይሉን አቅልለው። እሳቸው ሳያዩት ወደ ሁለተኛው አንለፍ። «የቱ ጋ ነው የምቀመጠው?» ብለው ይጠይቁሃል፤ ጣትህን የምታሳርፍበት ቦታ አዘጋጅተህ ጠብቅ።

ወሰላሙ ዓለይኩም፣
ወንድሞችህና እህቶችህ፣ ከጅዳ